ከርዕሱ መጨረሻ የተቀበረው ጥያቄ፦ የአንድ ኢሜይል ጉዳይ ጥናት ከሰሜን ሸዋ

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ደብረ ብርሃን የሆነ አንድ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን 12,000 ጆንያ እያንዳንዱን በ15 ብር መግዛት ሲችል በ18 ብር ገዛ። ልዩነቱ 36,000 ብር ነው። ገንዘቡ ባንክ ነበር፤ ሻጩ ተገኝቷል፤ የግዥ ኮሚቴውም ዋጋ አወዳድሮ አሸናፊውን ለይቷል። የቀረው የሥራ አስኪያጁ የአንድ ቃል መልስ ብቻ ነበር። መልሱን የሚጠይቀው ኢሜይል በጊዜው ደርሷቸዋል፤ ከፍተውም አይተውታል። ጉዳዩን ልጽፈው ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ሥራዬ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችን በደብዳቤና በኢሜይል አጻጻፍ ማሠልጠን ነው። የዚያን ሳምንት መልእክቶች በዩኒየኑ ፈቃድ አንብቤአለሁ፤ የግዥ ሠራተኛዋንም ሥራ አስኪያጁንም ለየብቻ አነጋግሬአለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ «አለቆች ኢሜይል አያነቡም» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ አልስማማም። መልእክቶቹን ያነበበ ሰው ጥፋቱ ከንባብ ሳይሆን ከርዕሱ መስመር እንደ ጀመረ በግልጽ ያያል።

የገብስ ሳምንት

ኅዳር በሰሜን ሸዋ ደጋ የገብስ ወር ነው። በአንጎለላና ጠራ፣ በባሶና ወራና ታጭዶ የተከመረው ገብስ ዐውድማ ላይ ይወቃል፤ ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ፀሐይ ነው። ዩኒየኑ የቢራ ገብሱን ከመሠረታዊ ማኅበራት ሰብስቦ ለብቅል ፋብሪካ ያስረክባል። ጆንያ በወቅቱ ካልደረሰ ገበሬው የወቃውን እህል ሜዳ ላይ ይዞ አይጠብቅም፤ መንገድ ዳር ለቆመው ነጋዴ ይሸጠዋል። ሥራ አስኪያጁም በዚያ ሳምንት ቢሮ አልነበሩም፤ ከማኅበር ማኅበር እየዞሩ መጋዘንና ሚዛን ያዩ ነበር። ኢሜይል የሚያዩት በስልካቸው፣ መኪና ውስጥ ተቀምጠው፣ ኔትወርክ በተገኘበት ቦታ ነው።

ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን ጠዋት የግዥ ሠራተኛዋ የላከችው ኢሜይል ርዕስ እንዲህ ይላል፦

«በ2012 ዓ.ም. የምርት ዘመን ለቢራ ገብስ ማሰባሰቢያ የሚውል የጆንያ ግዥ ውሳኔ እንዲሰጥበት ስለመጠየቅ»

በወረቀት ደብዳቤ ላይ «ጉዳዩ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ቢጻፍ ማንም እንከን አያወጣለትም። በትምህርት ቤትም በመሥሪያ ቤትም የተማርነው አጻጻፍ ነው። ሥራ አስኪያጁ ስልክ ላይ የታየው ግን ይህ ነበር፦

«በ2012 ዓ.ም. የምርት ዘመን ለቢራ ገብስ…»

ስልክ የመልእክቶችን ዝርዝር ሲያሳይ ለርዕስ የሚሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። እንደ ስልኩ ስፋትና እንደ ፊደሉ መጠን ይለያያል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ፊደል አካባቢ ሲደርስ ይቆርጠዋል። የእኛ ፊደላት ሰፋ ያሉ ስለሆኑ እኔ 30ን ወሰን አድርጌ እሠራለሁ። አማርኛ ደግሞ ግሡን ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያስቀምጣል። ዓመቱና ዘመኑ፣ ለምን እንደሚውልና ምን እንደሚገዛ ተዘርዝሮ ካለቀ በኋላ ነው «ውሳኔ እንዲሰጥበት» የሚመጣው። ስለዚህ ስልኩ የቆረጠው ጌጡን ሳይሆን ራሱን ጥያቄውን ነው። ልማዳዊውን የ«ስለመጠየቅ» ርዕስ ሳያስተካክሉ ወደ ኢሜይል የሚያዛውሩ ሁሉ የሚገጥማቸው ይኸው ነው፤ ርዕሱ በረዘመ ቁጥር ጥያቄው ከዓይን ይርቃል።

ሥራ አስኪያጁ ስለዚያ ጠዋት ሲነግሩኝ፣ «በዚያ ሳምንት ገብስ የማይል መልእክት አልደረሰኝም። ይህም ከሪፖርቶቹ አንዱ መሰለኝ። ከፈትሁት፤ ማወዳደሪያ ሠንጠረዥ አየሁ፤ ማታ በረጋ መንፈስ አነበዋለሁ ብዬ ተውሁት» አሉ። ማታ ሲሆን ከላዩ የተደራረበው ሌላ መልእክት ብዙ ነበር።

ያልተነገረው ቀን

የኢሜይሉ ሐተታ ሦስት አንቀጽ ነው። የመጀመሪያው የግዥውን አስፈላጊነት፣ ሁለተኛው የሦስቱን አቅራቢዎች ዋጋ ያትታል። ቀነ ገደቡ የተነሣው በሦስተኛው አንቀጽ መጨረሻ ነው፦ «የአሸናፊው ድርጅት ፕሮፎርማ እስከ ኅዳር 22 የሚጸና መሆኑን እየገለጽን አስፈላጊው እንዲደረግልን በትሕትና እንጠይቃለን።»

ከኢሜይሉ ጋር የተያያዘውን ፕሮፎርማ ከፍቼ ሳየው ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 22 ቀን 2019 ነው። ሠራተኛዋ ወሩን ወደ ኅዳር ስትመልሰው ቁጥሩ ባለበት ቀረ። በዚያ ዓመት ኖቬምበር 22 ዓርብ ኅዳር 12 ነበር፤ ኅዳር 22 ደግሞ ሰኞ ነው። አሥር ሙሉ ቀን ይለያያሉ። በዚህ ወር ልዩነቱ በአብዛኛው ዓመት ዘጠኝ ቀን ነው፤ ከስድስት ቀኗ ጳጉሜን ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት አሥር ይሆናል፤ 2012 ከእነዚህ ዓመታት አንዱ ነበር። በልብ የሚደረግ ስሌት የሚያስተው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ስሕተት ቀድሞ ሊያዝ የሚችልበት ቀላል መንገድ ነበር። ከቀኑ ጋር ዕለቱን መጻፍ ነው። ፕሮፎርማው ዓርብ የሚያበቃ መሆኑን ከቀን መቁጠሪያ ያየ ሰው «ዓርብ ኅዳር 22» ብሎ ሊጽፍ ሲነሣ ሁለቱ አይገጥሙለትም፤ ኅዳር 22 ሰኞ ነውና። ዕለትና ቀን ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆናል። ቁጥር ብቻውን ግን ምስክር የለውም። በዚህ የተነሣ ቀነ ገደብ ያለበት የርዕስ መስመር ሳርም መጀመሪያ የምፈልገው ዕለቱን ነው፤ የዕለቱ ስም የሚይዘው ቦታ ሦስት አራት ፊደል ቢሆን ነው፤ ለዚህ ጥቅም ብዙ አይደለም።

ሐሙስ ኅዳር 11 ከሰዓት በኋላ ሻጩ ደውሎ ዋጋው ነገ እንደሚያበቃ ነገራት። ያን ጊዜ ሠራተኛዋ ደነገጠች። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ብትደውል ስልካቸው አይሠራም። ወዲያው በማክሰኞው ኢሜይል ላይ መልስ አድርጋ ጻፈች፤ «አስቸኳይ ነው፣ ነገ ያበቃል» የሚለውን ከሐተታው ውስጥ አስገባችው። የርዕሱ መስመር ግን «Re: በ2012 ዓ.ም. የምርት ዘመን ለቢራ…» ሆኖ ቀረ። እንዲያውም «Re:» የሚለው ምልክት ቦታ ወስዶ «ገብስ» የሚለውን ቃል ጭምር አስቆረጠው። በማግስቱ ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ነበር፤ በገጠሩ ሥራ የለም፤ ሥራ አስኪያጁ የነበሩበት አካባቢም ኔትወርክ አልነበረውም። መልእክቱን ያዩት ቅዳሜ ነው። ሰኞ ኅዳር 15 አጸደቁ፤ ሻጩ ግን ቀድሞውኑ አዲስ ፕሮፎርማ አውጥቷል።

«ምን እንዲያደርጉልሽ ነው የፈለግሽው?»

ከሠራተኛዋ ጋር ርዕሱን እንደገና ለመሥራት ስንቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነበር። «እንዲወስኑ» አለችኝ። ምኑን? ሦስቱን አቅራቢዎች እንዲያወዳድሩ? «አይ፣ ኮሚቴው ወስኗል፤ እሳቸው እንዲፈርሙ ነው።» ምን ላይ? ቼኩን ለመፈረም ውክልናው ለምክትላቸውና ለፋይናንስ ኃላፊው ተሰጥቷል። የግዥ መመሪያውን አውጥተን ስናነብ የሚጠይቀው አንድ ነገር ሆኖ ተገኘ፦ ከተወሰነ የገንዘብ መጠን በላይ የሆነ ግዥ በሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ይጸድቃል። በኢሜይል የተሰጠ መልስ በዩኒየኑ ዘንድ እንደ ጽሑፍ ይቆጠራል። የሚፈለገው እንግዲህ «ጸድቋል» የሚል አንድ ቃል ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነውና። መወሰን፣ መፈረምና ማጽደቅ ከአለቃው የሚጠይቁት ነገር ፈጽሞ የተለያየ ነው። መወሰን ሠንጠረዡን ማንበብና ማሰብ ይጠይቃል፤ ይህ በእርግጥም ለማታ የሚተው ሥራ ነው። መፈረም ወደ ደብረ ብርሃን መመለስ ይጠይቃል። ማጽደቅ ግን መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ በአውራ ጣት የሚፈጸም የአንድ ደቂቃ ነገር ነው። «አስፈላጊው እንዲደረግልን» የሚለው የተለመደ አነጋገር ሦስቱንም ስለሚያቅፍ አንባቢው ከሦስቱ ከባዱን ይገምትና ወደ ጎን ያደርገዋል። ሥራ አስኪያጁ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ከርዕሱ ላይ የሚጻፈው ተግባር በትክክል የሚፈለገው ከሆነ አለቃው ሥራው ስንት ደቂቃ እንደሚወስድበት ሳይከፍተው ያውቃል።

ቀጥሎ ቀኑን ያዝን። ሠራተኛዋ ስሕተቷን አርማ «እስከ ዓርብ ኅዳር 12» ብላ ጻፈች። ይህ ግን የሻጩ ቀነ ገደብ እንጂ የሥራ አስኪያጁ አይደለም። ወደ ኋላ ቆጠርን። ሻጩ አዲስ አበባ ነው፤ ዋጋው የሚጸናለት ገንዘቡ ዓርብ ሒሳቡ ውስጥ ከገባ ነው። ለዚህም የክፍያው ሰነድ ሐሙስ ከሰዓት ተዘጋጅቶ፣ ቼኩ በሁለቱ ተወካዮች ተፈርሞ፣ ዓርብ ጠዋት ባንክ እንደ ተከፈተ መቅረብ አለበት። ፋይናንስ ክፍሉ ሰነዱን ለማዘጋጀት ሁለት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ «ጸድቋል» የሚለው መልስ ሐሙስ 9 ሰዓት ላይ መድረስ ነበረበት። ከርዕስ ላይ የሚሰፍረው ይህ ቀን ነው፤ ሥራው የሚያበቃበት ሳይሆን አንባቢው ከእጁ የሚያወጣበት። የመጨረሻውን ቀን ብቻ የተነገረው አለቃ በመጨረሻው ቀን መልስ ይሰጣል፤ በዚያ ሰዓት ግን ከሱ በኋላ ለሚሠሩት የቀረ ጊዜ የለም።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉን አዞርን። ተግባሩ ከፊት፣ ቀኑ ቀጥሎ፣ ጉዳዩ ከኋላ። የተገኘው መስመር ይህ ነው፦

«ይሁንታ እስከ ሐሙስ ኅዳር 11፣ 9 ሰዓት፦ ጆንያ 180,000 ብር»

እስከ ሁለት ነጥብና ሰረዙ ድረስ ያለው ክፍተቱ ተቆጥሮ 27 ፊደልና ምልክት ነው። ስልኩ ቢቆርጠው የሚጠፋው የገንዘቡ መጠን ወይም ጆንያ የሚለው ቃል ነው፤ ጥያቄውና ሰዓቱ ግን ይተርፋሉ። የገንዘቡን መጠን ያስገባነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ለምን እሳቸው እንደ ተጠየቁ የሚያስረዳው፣ ከመመሪያው ወሰን በላይ መሆኑን የሚነግራቸው እሱ ነው። ዓመቱን፣ «የምርት ዘመን» የሚለውን፣ «ስለመጠየቅ» የሚለውን ሁሉ አውጥተናል፤ ለማኅደር የሚያስፈልጉ ከሆነ በሐተታው ውስጥ ቦታ አላቸው።

ድፍረት ይሆናል ወይ?

ሠራተኛዋ መስመሩን ደጋግማ አየችው እንጂ ለመላክ እጇ አልፈታም። «አለቃን በርዕስ ላይ ቀንና ሰዓት ቆርጦ ማዘዝ ድፍረት አይሆንብኝም?» አለች። ጥያቄዋን አክብሬ ነው የተቀበልሁት። በእኛ አገር ወጣት ሠራተኛ በዕድሜም በማዕረግም ለሚበልጣት ሰው «እስከ 9 ሰዓት ያጽድቁልኝ» ብላ በአደባባይ መስመር ላይ ስትጽፍ የሚሰማት ነገር እውነተኛ ነው፤ በ«ስለመጠየቅ» የሚያልቀው ረጅም ርዕስም ዕድሜው የረዘመው ትሕትናን ስለሚሸከም ነው።

ነገር ግን መስመሩን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ትእዛዝ የለበትም። «ያጽድቁ» አይልም፤ «ይሁንታ» ይላል። ስም ከፊት ሲቆም ማንም ማንንም አያዝም፤ የሚፈለገውን ነገር ብቻ ይጠራል። «ይሁንታ»፣ «ፊርማ»፣ «ውሳኔ»፣ «አስተያየት»፣ እነዚህ ቃላት በአንቱታም በአንተም አይጻፉም። አክብሮቱ ቦታው ሐተታው ነው፤ እዚያ በሙሉ ማዕረግና በ«እርስዎ» መጻፍ ይቻላል፣ ይገባልም። ሥራ አስኪያጁን ስጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ሰዓቱን ቆርጣ ብትነግረኝ ኖሮ አከብራት ነበር። እኔ የምቀየመው ሰዓቱን የደበቀኝን ሰው ነው።»

የሐተታው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ርዕሱን ይደግፋል እንጂ አይደግመውም። አብረን የጻፍነው እንዲህ ነበር፦ «ኮሚቴው የመረጠውን የጆንያ ግዥ ‹ጸድቋል› በሚል መልስ እንዲያጸድቁልን በአክብሮት እንጠይቃለን። መልሱ ሐሙስ 9 ሰዓት ካልደረሰን ክፍያው ዓርብ አይደርስም፤ የ15 ብሩ ዋጋም ይቀራል።» ሠንጠረዡ ከዚህ በታች ይከተላል፤ ማየት የፈለገ ያየዋል።

«አስቸኳይ» የሚለው ቃል ከመስመሩ ውስጥ የሌለው በምክንያት ነው። የዚያን ሳምንት መልእክቶች ሳገላብጥ ቃሉ ከየክፍሉ በመጣው ሁሉ ላይ ተጽፎ አየሁት፤ ነገ በሚያልቀውም በወር በሚያልቀውም ላይ። «ሐሙስ 9 ሰዓት» የሚለው ግን ራሱ አጣዳፊነቱን ይናገራል፤ ከሌሎች ቀኖች ጋርም ሊመዘን ይችላል። አለቃው አምስት መልእክት ቢኖረው የቱን መጀመሪያ እንደሚከፍት የሚያውቀው ከቀኖቹ ነው።

የሐሙሱ ማስታወሻም ሌላ መሆን ነበረበት። በአሮጌው ኢሜይል ላይ መልስ ሲሰጥ ርዕሱ ካልተነካ የማክሰኞው ጥያቄ ነው የሚታየው። በዚያ ሰዓት ነገሩ ተለውጦ ነበር፤ የቀረው ጊዜ እስከ ዓርብ ጠዋት ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ርዕስ፦ «ይሁንታ ዛሬ ሐሙስ እስከ 12 ሰዓት፦ ጆንያ፣ ዋጋው ነገ ያበቃል»። ርዕሱ ሲለወጥ ብዙዎቹ የኢሜይል አገልግሎቶች፣ ጂሜይልም ጭምር፣ መልእክቱን ከአሮጌው ነጥለው እንደ አዲስ ያሳዩታል። ይህ ለማስታወሻ ጥቅም ነው፤ ሠንጠረዡን ግን እንደገና ማያያዝን ይጠይቃል፣ አለዚያ አንባቢው ወደ ኋላ ፍለጋ ይሄዳል። «ዛሬ» የሚለውን ቃል ብቻውን አልተውነውም፤ መልእክቱን በማግስቱ ለሚከፍት ሰው «ዛሬ» ሌላ ቀን ነውና።

ከዚያ ወዲህ

በታኅሣሥ የጭነት መኪና ኪራይ ጥያቄ በዚሁ አጻጻፍ ሄደ፦ «ይሁንታ እስከ ረቡዕ ታኅሣሥ 8፣ 5 ሰዓት፦ የጭነት መኪና ኪራይ»። ሥራ አስኪያጁ ያኔም መንገድ ላይ ነበሩ፤ «ጸድቋል» የሚለው መልስ ግን ከሰዓቱ በፊት ደረሰ። አንድ ጊዜ በመሥራቱ ሁልጊዜ ይሠራል ማለቴ አይደለም። ኔትወርክ ከሌለ ምንም ርዕስ አይረዳም፤ ለዚህም ያንኑ መስመር በአጭር የጽሑፍ መልእክት መላክን ጨምረዋል፤ ኢንተርኔት በማይሠራበት ቦታ እንኳ አንዳንድ ጊዜ ይደርሳልና።

አንድ አዲስ ችግርም ተፈጥሯል። አጻጻፉን የወደዱት ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉም ነገር ላይ ቀን መጻፍ ጀመሩ። ምንም የማይጠየቅበት ሳምንታዊ ሪፖርት «ምላሽ እስከ ዓርብ» የሚል ርዕስ ይዞ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ከፍተው ቢያዩት የሚመልሱት የለም። በሁለተኛው ሳምንት የዚያን ክፍል ቀኖች ማመን እንዳቆሙ ነግረውኛል፤ ፍርዳቸው ትክክል ነው። ስለዚህ ምንም የማይጠይቅ መልእክት «ለመረጃ፦» በሚል እንዲጀምርና ቀን እንዳይኖረው ተስማሙ። እውነተኛ ቀነ ገደብ የሌለው ጥያቄም ቀን አይፈጠርለትም።

የቀረው ጥንቃቄ የርዕሱ መስመር በተቆለፈ ስልክ ላይም ስለሚታይ፣ በብዙ ቢሮም ጸሐፊዋ ቀድማ ስለምታነበው ነው። የጆንያ ዋጋ ቢታይ አይጎዳም። የሠራተኛ የዲሲፕሊን ጉዳይ ወይም የደመወዝ ነገር ከሆነ ግን ተግባሩና ቀኑ ብቻ ይጻፋሉ፤ «ውሳኔ እስከ ማክሰኞ ታኅሣሥ 14፦ የሰው ኃይል ጉዳይ» ይበቃል፤ የሰውየው ስም ከውስጥ ይገባል።

ሁለት የተለያየ ነገር የሚጠይቅ ኢሜይል ለዚህ አጻጻፍ አይመችም። የግዥ ሠራተኛዋ በጥር ወር የመድን ውል ፊርማና የመጋዘን ጥገና ይሁንታ በአንድ ላይ ልትልክ አስባ ርዕሱ አልገጥምላት አለ፤ ፊርማው በቢሮ ይፈጸማል፣ ይሁንታው በስልክ፤ ቀናቸውም አይገናኝም። ሁለት ኢሜይል አድርጋ ላከቻቸው።